«ስሜን ከቨሩ ላይ አስገቢልኝ»

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ የድርሰት ዓይነት አለ። ደራሲዎቹ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ከቨር ፔጁ ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ ከላይ፣ የኮርሱ ስም መሐል ላይ፣ የደራሲዎቹ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ደግሞ በሰንጠረዥ ከታች ተደርድሯል። ገለጥ ሲያደርጉት ግን ውስጡን የሠራው አንድ ሰው ነው። የቀሩት አስተዋጽኦ «ስሜን ከቨሩ ላይ አስገቢልኝ» የሚል የአንድ መስመር ቴክስት መላክ ነው። ከመካከላቸው ትጉ የሚባለው የመታወቂያ ቁጥሩንም አያይዞ ይልካል።

«አስገቢልኝ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቴክስቱ ብዙ ጊዜ የሚላከው ለሴት ነው። እሱን ቆይተን እንመለስበታለን።

ይህን ነገር ግሩፕ አሳይመንት እንለዋለን። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ይታረማል፣ ማርኩም ለአምስቱም እኩል ይታደላል። ሰው ሲያማርር ደግሞ ወቀሳው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው»፣ «ትውልዱ አቋራጭ ይወዳል»። እኔ ወቀሳው አድራሻውን ስቷል ባይ ነኝ። አምስት ወጣቶች አንድ ሥራ ተሰጥቷቸው፣ ማን ምን እንደሚሠራ ሳይነገራቸው፣ ማን ምን እንደሠራ የሚጠይቅ ሳይኖር፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሯቸው ቢበተኑ፣ አንዷ ሠርታ አራቱ ቢተኙ ምኑ ይገርማል? የሚገርመው አንዷ መሥራቷ ነው። ጥፋቱ ከተማሪው በፊት ያንን ሥራ ካቀደው፣ ወይም በትክክለኛው አነጋገር፣ ሳያቅድ ከሰጠው መምህር ነው።

ይህ የኔ ብስጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማክስ ሪንግልማን የሚባል የፈረንሳይ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲስቡ ጉልበታቸውን ይለካ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመው። ገመዱን የሚስቡት ሰዎች በበዙ ቁጥር ጠቅላላው ጉልበት ቢጨምርም፣ የእያንዳንዱ ድርሻ እያነሰ ሄደ። ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ከሚስበው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይስብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግሩፕ አሳይመንት የሚባል ነገር በሕልማቸውም አላዩም፤ «ዘንድሮ» የሚባለው ትውልድም አልነበሩም።

እርግጥ ነው፣ ከጠፋው ጉልበት ከፊሉ የቅንጅት ችግር ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ትንፋሽ እየወሰደ ይሆናል። ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1979 ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው «በተቻላችሁ መጠን ጩኹ፣ አጨብጭቡ» አሏቸው። ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ አንዳንዴ ብቻቸውን ሳሉ ከሌሎች ጋር እየጮኹ እንደሆነ እንዲያምኑ አደረጓቸው። ቅንጅት የሚያበላሽ ሌላ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ «ከሌሎች ጋር ነኝ» ብሎ ያመነው ተማሪ ድምፁን ቀነሰ።

ለኛ የሚጠቅመው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተሙት ነው። እዚያ ላይ ተማሪዎቹ በቡድን እየጮኹም ቢሆን የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ እንዲያምኑ ተደረገ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ማይክሮፎን ተሰጠው። መለገሙ ጠፋ። ምክር አልተሰጣቸውም፣ ስለ ሥነ ምግባር አልተሰበኩም፣ ማይክሮፎን ብቻ ነው የተሰጣቸው። የጋዜጠኝነት ምሩቅ ስለሆንኩ ይሆናል ይህን ሙከራ እንዲህ የምወደው።

እንግዲህ የኛ አገር ግሩፕ አሳይመንት ማለት አምስት ሰው በአንድ ማይክሮፎን አስጩኾ፣ ድምፁን ለአምስት አካፍሎ ማርክ መስጠት ነው።

አንባቢ እዚህ ጋ «1 ለ 5ስ?» ማለቱ አይቀርም። የኔ ዕድሜ እኩዮች ያደግንበት ነው፤ በየክፍሉ ስድስት ስድስት እየሆንን ተደራጅተናል። አደረጃጀቱ ለፖለቲካው ምን እንዳገለገለ ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። እኔ የምናገረው ስለ ትምህርት ጎኑ ነው። 1 ለ 5 ሰውን ያደራጅ እንጂ ሥራን አላደራጀም። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በዝርዝር ይጻፋል፤ ተቀምጠው ምን እንደሚሠሩ ግን ብዙውን ጊዜ «ተወያዩ» ከሚል ቃል አያልፍም። መሪው ጎበዙ ተማሪ ይሆናል፣ አምስቱ ከእሱ ይቀበላሉ። ቀድሞም የሚያውቀው ይናገራል፣ የማያውቀው ያዳምጣል፣ ይኸው ሌክቸር ነው፤ ልዩነቱ አስተማሪው ደመወዝ የማይከፈለው መሆኑ ነው።

ስለ ሚና እናውራ። «እኛ እኮ ሚና እንሰጣለን» የሚሉ መምህራን አሉ። ምን ምን ሚና ሲባሉ ይቆጥራሉ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሰዓት ያዥ፣ አቅራቢ። ሰዓት ያዥ ሚና አይደለም። ሰዓት ግድግዳው ላይም፣ ኪሳችን ውስጥ ስልኩ ላይም አለ። ሰብሳቢውም የሚሰበስበው ነገር ከሌለ ሹመት እንጂ ሥራ አልያዘም። ትክክለኛ ሥራ የተሰጠው ጸሐፊው ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ማለቴ ነው። «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል» ትባላለች። የሚያምረው ጽሑፏ ረቂቁን ይገለብጣል፣ ኮምፒውተር ላይ ይተይባል፣ ሪፈረንሱን ይደረድራል፣ ፕሪንት ቤት ተሰልፎ ያስጠርዛል። በማግስቱ ከረባት ያሰረው ልጅ ተነሥቶ «ግሩፓችን እንደደረሰበት» እያለ ያቀርበዋል፤ ይጨበጨብለታል። በአራት ዓመት ውስጥ እሱ ሕዝብ ፊት መናገር ይለማመዳል፣ እሷ ደግሞ ፍጥነቷ የተመሰገነ ታይፒስት ሆና ትመረቃለች። ይህ የሆነው ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሚናው ሳይደለደል ሲቀር ሰው ሁሉ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ሚና ስለሚይዝ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ዕጣ ነው። ሚና በዕጣ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሚና ሚና መሆኑን መለያ መንገድ ነው፤ ያ ሰው ሥራውን ባይሠራ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ወረቀት ላይ የሚታይ ጉድለት አለ ወይ? ካለ ሚና ነው። ከሌለ መጠሪያ ነው።

ነገር ግን ሚና ብቻውን አይበቃም። ሥራው ራሱ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል ከሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል። የዚህን መፍትሔ ያሳየው ኤሊዮት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ለየብቻ ይማሩ የነበሩ ነጭ፣ ጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲቀመጡ ተደርጎ ጠብ ነገሠ። አሮንሰንና ተማሪዎቹ ገብተው ሲያዩ ጠቡን የሚያባብሰው ልጆቹ እጅ እያወጡ በመምህሩ ፊት የሚያደርጉት ሽሚያ መሆኑን ተረዱ። በመጀመሪያ በገቡበት ክፍል ትምህርቱ የጆሴፍ ፑሊትዘር የሕይወት ታሪክ ነበር፤ አዎ፣ ሽልማቱ የተሰየመለት ጋዜጠኛና አሳታሚ። ታሪኩን በስድስት አንቀጽ ጽፈው ቆራረጡት፤ በየቡድኑ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አንቀጽ ሰጡ። ልጁ የያዘውን አጥንቶ ለቡድኑ ያስተምራል፤ የሌሎቹን አምስት አንቀጾች ከጓደኞቹ አፍ ካልሰማ በቀር የሚያገኝበት መንገድ የለውም። በመጨረሻም እያንዳንዱ ስለ ሙሉው ታሪክ ለብቻው ይፈተናል። እንግሊዝኛው የሚንተባተበውን የሂስፓኒክ ልጅ ሲያሾፉበት የነበሩ ልጆች፣ ነገ የሚፈተኑበት አንቀጽ ያለው በእሱ እጅ መሆኑን ሲረዱ ማሾፉን ትተው በደንብ መጠየቅ ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ ሁለት ነገር ነው ያለው። ለየብቻ የተያዘ ቁራጭ አለ፣ ለየብቻ የሚሰጥ ፈተና አለ። አንዱ ቢጎድል ሌላው አይሠራም።

ይህ እዚህ እንዴት ይታቀዳል? በማውቀው ልሂድ። የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ክፍል እንበል፤ 40 ተማሪ፣ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ በድምሩ 100 ደቂቃ። ትምህርቱ «ከብዙ ምንጭ ዜና መጻፍ» ነው። ርዕሱ ውኃ፤ እሱን ለማስረዳት ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። መምህሩ አስቀድሞ አራት ገጽ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ሁሉም ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው። አንደኛው የውኃ መሥሪያ ቤት መግለጫ ነው፣ «በክፍለ ከተማው ውኃ በሳምንት በአማካይ ሦስት ቀን ይዳረሳል» ይላል። ሁለተኛው በአምስት ቀጠናዎች በአራት ሳምንት ውስጥ ውኃ የመጣባቸውን ቀናት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው፤ ቀጠና አንድ 16 ቀን፣ ሁለት 15፣ ሦስት 14፣ አራት 10፣ አምስት 5። ሦስተኛው የአራት ነዋሪዎች ቃል ነው፤ ሁለቱ ከቀጠና አምስት፣ አንዷ ከአራት፣ አንዱ ከአንድ። የቀጠና አንዱ ሰውዬ «ምን ችግር አለ?» ይላል፤ የቀጠና አምስቷ እናት ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት፣ ጀሪካን ደርድራ እንደምትጠብቅ ትናገራለች። አራተኛው የአንድ መሐንዲስ ቃለ ምልልስ ነው፤ ቀጠና አምስት ኮረብታ ላይ መሆኑን፣ ወደዚያ ውኃ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች አንዱ መቃጠሉን ያስረዳል።

ሠንጠረዡን ደምሩት፤ 60 ቀን ይመጣል። ለአምስት ቀጠና ሲካፈል 12፣ ለአራት ሳምንት ሲካፈል 3። መግለጫው አልዋሸም! በአማካይ ሦስት ቀን ነው። ነገር ግን የቀጠና አምስቷ እናትም አልዋሸችም። መግለጫውን ብቻ የያዘ ተማሪ «ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን እየተዳረሰ ነው» ብሎ ይጽፋል። የነዋሪውን ቃል ብቻ የያዘ ደግሞ «መሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ዋሸ» ይላል። ዜናው ያለው አራቱ ወረቀቶች ሲገናኙ ነው። ሥራው ቡድን ይፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መምህሩ ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ «በ60ኛው ደቂቃ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አሥር የተረጋገጡ ፍሬ ነገሮች ከነምንጫቸው፣ ቢያንስ ሁለት ሰነዶቹ የሚጋጩባቸው ቦታዎች ይኖሩታል»። «ተወያዩ» የሚል ቃል የትም የለም። ከዚያ አራት አራት ሆነው አሥር ቡድን ይመሠረታል፤ ሰነድም ሚናም በዕጣ ይወጣል።

ቀጥሎ ባሉት 20 ደቂቃዎች ቡድኑ ይበተንና አንድ ዓይነት ሰነድ የያዙት አብረው ይቀመጣሉ። አሥር ሰው አንድ ላይ ከሆነ ግን ሪንግልማን ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። ሥራቸው ሰነዱን መረዳትና በሦስት ደቂቃ እንዴት እንደሚያስረዱት መዘጋጀት ነው። መምህሩ እዚህ ጋ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ። አንዱ ሠንጠረዡን በተሳሳተ መንገድ ከተረዳ ስህተቱን ይዞ ወደ ቡድኑ ሄዶ ለሦስት ሰው ያስተምራል። ስለዚህ ከመበተናቸው በፊት በየጠረጴዛው እየዞረ አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ሠንጠረዥ ለያዙት «አማካዩ ስንት ነው? አማካዩን የማያገኙት የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ይበቃል። መላሹን የሚመርጠው መምህሩ ነው፤ እጅ ያወጣውን አይደለም።

ከዚያ ሰነዶቹ ይሰበሰባሉ። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ይረሳታል። ወረቀቱ በእጃቸው ከቀረ ወደ ቡድናቸው ሲመለሱ ያሽከረክሩታል፤ አራቱም በዝምታ ያነባሉ፤ ማስረዳት የሚባል ነገር አይኖርም። ተማሪው ይዞ የሚሄደው የራሱን ማስታወሻ ብቻ መሆን አለበት።

ቀጣዩ 30 ደቂቃ የቡድኑ ነው። አወያዩ አራቱም ሰነዶች ለሦስት ሦስት ደቂቃ ሳይቀርቡ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ ይጠብቃል፤ ቅደም ተከተሉንም ይጽፋል። መዝጋቢው ፍሬ ነገሮቹን ከነምንጫቸው ያሰፍራል። ተጠራጣሪው ሁለት ግጭቶችን ፈልጎ በስሙ ይጽፋል፤ ይህች ሚና ለጋዜጠኛ ከሁሉም ትበልጣለች፣ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ቢያንስ አንዴ ሊይዛት ይገባል። መልእክተኛው በ25ኛው ደቂቃ ወደ ጎረቤት ቡድን ሄዶ የእነሱን ዝርዝር ያያል፤ የጎደለንን አንድ ነገር፣ የጎደላቸውን አንድ ነገር ጽፎ ይመለሳል። አራቱም ወረቀት ላይ አሻራ ይተዋሉ። መዝጋቢዋ ሴት ብትሆን ዕጣዋ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተጠራጣሪ ትሆናለች።

መምህሩ ነገሩ መበላሸቱን ለማወቅ ራቅ ብሎ መቆም ይበቃዋል። ከአንድ ጠረጴዛ ለአምስት ደቂቃ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ከተሰማ አወያዩ ሥራ ፈቷል። ሁሉም አንገቱን አቀርቅሮ የሚጽፍ ከሆነ እየገለበጡ ነው። ሠንጠረዡን የያዘው ልጅ ማስታወሻ ላይ ቁጥር ከሌለ የሚያስረዳው ነገር የለውም።

ከዚያ ወንበር ይራራቃል። በሚቀጥሉት 30 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ለብቻው የዜናውን መግቢያና ሦስት አንቀጽ ይጽፋል፤ ከታችም ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። «መግለጫው ሐሰት ነው? በቁጥር አስረዱ»፤ «የቀጠና አምስት ችግር ምክንያቱ ምንድን ነው?» በእጁ የሚይዘው ማስታወሻውን ብቻ ነው። ማይክሮፎኑ ይኸው ነው። በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ወረቀት ይሰበሰባል፣ ሁለት ሦስት መግቢያዎች ይነበባሉ።

ማርኩስ? ከ20 ይሁን። የቡድኑ የፍሬ ነገር ዝርዝር 4፣ የእያንዳንዱ ሚና የተወው አሻራ 3፣ ለብቻ የተጻፈው 13። አንድ ቡድን እንውሰድ። ዝርዝራቸው ከ4 ሦስት አገኘ። ጎበዟ በሚናዋ 3፣ በጽሑፏ 12 አመጣች፤ ድምሯ 18። ሁለተኛው 2 እና 10 አምጥቶ 15። ሦስተኛው በክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ተጠራጣሪነቱን በሚገባ ሠርቶ 3፣ በጽሑፍ 9፤ እሱም 15። አራተኛው ስልኩን ሲነካካ ቆየ፤ በሚናው ዜሮ፣ በጽሑፉ 4፤ ከቡድኑ 3 ጋር 7። በድሮው መንገድ ቢሆን ጎበዟ ትጽፈዋለች፣ አራቱም 18 ይሆናሉ፤ የዝምተኛው ልጅ ችሎታ ከሰነፉ ልጅ ስንፍና ጋር በአንድ ቁጥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለ ፍትሕ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው የተበዘበዘችውን ጎበዝ ነው። የዚህኛውን ልጅ ነገር ግን ማንም አያነሳውም።

«ታዲያ ማርኩ የግል ከሆነ ጎበዟ ለሌሎቹ ለማስረዳት ምን ይገፋፋታል?» የሚል ጠያቂ ይኖራል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ስላቪን በዚህ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። የተለያዩ የቡድን ትምህርት ዘዴዎችን ውጤት ሲያነጻጽር፣ በአስተማማኝ ሁኔታ የሠሩት ቡድኑ የጋራ ግብ ያለው ሆኖ፣ ግቡ የሚለካው ግን በእያንዳንዱ አባል የግል ውጤት የሆነባቸው ናቸው። ቡድኑ አንድ ወረቀት ብቻ የሚያስረክብባቸው ያን ያህል አልፈየዱም። ስላቪን ሽልማቱን በግሬድ አልሰጠም፤ የምስክር ወረቀትና የአደባባይ ምስጋና ነበር። በኛ ክፍልም አራቱም አባላት ሁለቱን ጥያቄዎች በትክክል የመለሱበት ቡድን ዜና በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ከነስማቸው ይለጠፍ። ጎበዟ ለሰነፉ የምታስረዳበት ምክንያት አገኘች፤ ባይገባው ግን ግሬዷ አይነካም።

አንዳንድ መምህራን ደግሞ አቋራጭ አላቸው። «እርስ በርሳችሁ ተመዛዘኑ» ይላሉ፤ ወረቀት ያድላሉ። እንግዲህ ይሉኝታ በሚባል ነገር ያደግን ሰዎች ነን። አብሮኝ ካፌ የሚበላ፣ አንድ ዶርም የሚያድር ልጅን «ከ10 ሁለት» ብዬ ልጽፍ? ሁሉም ለሁሉም አሥር ይሰጣል። የማይሰጥ ካለ በሌላ ነገር ተጣልተዋል ማለት ነው። ነጥብ መጠየቁ ይቅርና «ሠንጠረዡን ያስረዳህ ማን ነው? ምን አለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሰው ሳይሸማቀቅ እውነቱን ይጽፋል። ያም ቢሆን ለመምህሩ ጥቆማ ይሁን እንጂ ማርክ አይሁን።

«በሥራ ዓለም ግን ሁሉም በቡድን ነው የሚሠራው» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። የትኛው የሥራ ዓለም ነው? ጋዜጣ ላይ ዜና ሲወጣ የጻፈው ሰው ስም አለበት። ስህተት ከተገኘ አዘጋጁ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል፤ ቁጥሩን ማን እንዳመጣ፣ ቃለ ምልልሱን ማን እንዳደረገ ይታወቃል። ቡድን ነው፤ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይጠየቃል። «ስሜን አስገቢልኝ» ብሎ ቴክስት የላከ ሪፖርተር በማግስቱ ምን እንደሚጠብቀው ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የዚህ ዕቅድ ጉድለት የለውም አልልም። ሁለት ተማሪ ቢቀር ሁለት ቡድን ሰነድ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ መምህሩ የአስረጂዎቹ ቁጥር እንዳይዛባ አንድ ቡድን በትኖ ተማሪዎቹን በጎደለበት መመደብ አለበት፤ ትርፍ ከሆኑም አንዱን ሰነድ ለሁለት ሰው ማጋራት። ለሁሉም ትምህርትም አይሆንም። ቁራጮቹ ተራ በተራ የሚገነቡ ከሆነ፣ ማለትም ሦስተኛውን ለመረዳት ሁለተኛውን ማወቅ ግድ ከሆነ፣ እንደ ብዙ የሒሳብ ምዕራፎች፣ መቆራረጡ ራሱ ያበላሸዋል። ጎን ለጎን የሚቆሙ ምንጮች ሲኖሩ ነው የሚያምርበት።

የመጨረሻው ተቃውሞ የክፍሉ ብዛት ነው። «70 ተማሪ ይዤ 70 ወረቀት ላርም?» የሚለውን መምህር እረዳዋለሁ፤ ደመወዙንም አውቃለሁ። ግን እንቁጠር። በ40 ተማሪ ክፍል አሥር ቡድኖች አሥራ አምስት አሥራ አምስት ገጽ ጠርዘው ቢያስረክቡ 150 ገጽ ነው። በአምስት አምስት ደቂቃ የተገለጠ ጥራዝ ስላልተነበበ ነው ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ወረቀት ከቨሩን ቀይሮ አስገብቶ እኩል ማርክ የሚያገኘው። ለብቻ የተጻፈው ግን አንድ አንድ ገጽ ነው፤ ምን እንደሚፈለግበት አስቀድሞ ይታወቃል፤ መግቢያው አማካዩን ከቀጠና አምስት ለይቷል ወይ፣ ቁጥሩ አለ ወይ፣ ፓምፑ አለ ወይ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 40ው በ80 ደቂቃ ያልቃል፤ 70ውም በሁለት ሰዓት ከሃያ። ፎቶ ኮፒውም 40 ገጽ ብቻ ነው፤ ሰነዶቹ ተመልሰው ስለሚሰበሰቡ ለሚቀጥለው ሴክሽን ያገለግላሉ።